ሰርግ ቁጥር ዐሥራ አራትን ፍለጋ

ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጫማ ጠጋኙ ቀጥላ ያለችው ባለ አንድ በር ሱቅ የኔ ነበረች። ሥራዬ ዘፈን መጫን ነው። ሰው ከስልኩ ውስጥ ሜሞሪ ካርዱን አውጥቶ ይሰጠኛል፤ ሹፌሩ ከመኪናው ቴፕ ላይ ፍላሹን ነቅሎ ይመጣል፤ እኔ ከኮምፒውተሬ የወደደውን እየመረጥኩ እሞላለታለሁ። ከሚሊኒየሙ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። ካሴት ሞቷል፣ ሲዲ እየሞተ ነው፣ ኢንተርኔት ደግሞ ገና መምጣቱ ነው። በመሀል ያለነው እኛ ጫኞቹ ነበርን። እውነቱን ልናገር፣ ራሴን እንደ ትንሽ ንግሥት ነበር የማየው።

በሬ ላይ በካርቶን ጽፌ የለጠፍኩት «የሌለ ዘፈን የለም» ይላል። ሰው ሲስቅብኝ እናደዳለሁ። አንዱ ገበሬ ከይጁቤ መጥቶ «እስቲ የኛን ሰፈር የሽለላ ዘፈን ስጪኝ» ሲለኝ አጥቼ፣ «እሱማ ዘፈን አይደለም፣ ጩኸት ነው!» ብዬ አባረርኩት። እንዲህ ያለች አፈኛ ነበርኩ።

ጥር ገብቶ ሰርግ በሰርግ ላይ ሲደራረብ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሴቶች መጡ። አንዷ የኔ እኩያ ናት፣ አስተማሪ፤ ሌላዋ እናቷ። እናትየዋ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው በሩ ላይ ቆሙ። «ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ» ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እንደ ሹክሹክታ ያለ ነገር ብቻ ነው የተሰማኝ።

«እግዜር ይስጥሽ ነው የምትልሽ» አለችኝ ልጅቷ። «እንቅርቷን ካስወጣች ወዲህ ድምፅዋ አልተመለሰም። አራት ዓመቷ ነው።»

«ወይኔ! እግዚአብሔር ይማራቸው።»

«እናቴ ዘፋኝ ነበረች። የሰርግ ዘፋኝ። ከደብረ ኤልያስ እስከ ይጁቤ ሙሽራ ሲሸኝ ዘፈኑን እሷ ነበረች የምታወጣው። እኔ የዛሬ ዐሥራ አንድ ቀን ነው የማገባ።» አስተማሪዋ ትንፋሽ ወሰደች። «የሰው ሁሉ ልጅ በእናቴ ድምፅ ተሸኝቷል። እኔ ብቻ ያለሷ ልሸኝ ነው? የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ ብላ ምላ ነገረችኝ። ስለዚህ ቅጂው አለ። አግኝልኝ።»

እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶልኝ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ የሚመጣልኝ «አዲስ የወጣ ስጪኝ» የሚል ጎረምሳ ነው። «በየትኛው ሚኒባስ?» ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ እኔ ጉረኛዋ ምን አልኩ? «ኢንተርኔት እያለ ምን ሚኒባስ ታሳድጃለሽ! ቁጭ በዪ፣ አሁኑኑ አወጣዋለሁ።»

በዚያ ሰሞን ሲም የምትጎርስ ትንሽ የኢንተርኔት ዶንግል ገዝቼ ነበር። እሷን በገመድ ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ፣ ኔትወርክ እንድትይዝ መስኮት ላይ አንጠልጥዬ፣ ዩቲዩብን ከፈትኩ። ነጭ ገጹ ሙሉ ለሙሉ እስኪመጣ አንድ ሰው ሱቅ ውስጥ ገብቶ፣ ተሰላምቶ፣ ስለ ከብቱ አውርቶ ይወጣል።

መጀመሪያ በፊደል። እኔ የለመድኩት የድሮውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነበር፤ ማስታወቂያዬንም በሱ ነው የምጽፈው። የእናትየውን ስም አሳምሬ ጻፍኩና ገልብጬ ፍለጋው ላይ ለጠፍኩት። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፊደሉ ጠፍቶ ነጠብጣብ፣ ቅንፍ፣ የገንዘብ ምልክትና የፈረንጅ ፊደል የተቀላቀለበት ጉድ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አስተማሪዋ።

«ቫይረስ ነው» አልኩ፣ ላለማፈር።

«ቫይረስ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ያ ፕሮግራም መልኩን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም የሚጽፈው። ውስጡ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ላዩ ላይ የኛን ልብስ ያለብሰዋል። ኢንተርኔቱ ደግሞ ልብሱን አውልቆ ነው የሚያየው። ኮሌጅ ሳለን ሌላ መጻፊያ ጭነው አሳይተውናል።» አዲሱን መጻፊያ ከራሷ ፍላሽ አውጥታ ጫነችልኝ። እኔ በገዛ ሱቄ ተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ተናደድኩ፤ ግን ደስም አለኝ፣ ምክንያቱም አሁን ፊደሉ ፊደል ሆኖ ተቀመጠ።

ስማቸውን በፊደል ፈለግን። አንድም የለም። የሌላ ሴት ስብከት መጣ። «የጎጃም ሰርግ» ብለን ፈለግን። ጥቂት መጡ፤ ሁሉም የአዲስ አበባ ክሊፖች፣ ባለ መብራትና ባለ ጭስ። «በንጉሡ ሠ ጻፊው» አለችኝ፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው፣ ቤታቸው ውስጥ በእሳቱ ሰ የተጻፈ ሠርግ አይገባም ማለት ነው። በንጉሡ ሠ ስንጽፈው ሌላ ዝርዝር መጣ! እኔ ጮህኩ። በዚያ ዘመን ፈላጊው ሁለቱን «ሰ»ዎች እንደ ባዕድ ነበር የሚያያቸው፤ አንዱን ስትጠራ ሌላው ዞር አይልም።

ከዚያ በላቲን። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሰው ዘፈን ሲጭን ስልኩ ፊደል ስለማያውቅ በላቲን ይጽፋል፣ ግን ሁሉም ጆሮው እንደነገረው ነው። serg ይላል አንዱ፣ sereg ይላል ሌላው፣ ሦስተኛው ደግሞ sarg። ጎጃምን ብቻ ባለ አንድ j፣ ባለ ሁለት j፣ d የተጨመረበት፣ መጨረሻው ላይ e የተንጠለጠለበት አገኘን። የእናትየው ስም ውስጥ ጠ አለች፤ t ብለን ጻፍናት፣ th ብለን ጻፍናት፣ ባለ ጭረትም ሞከርናት። አስተማሪዋ ደብተር አውጥታ የሞከርነውን ሁሉ ትመዘግባለች፤ ገጹ በአንድ ስም ብቻ ሞላ። እናትየዋ ከወንበራቸው ሆነው በመገረም ያዩናል።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ትመጣለች፣ ከሰዓትም ትመለሳለች። ደንበኛ ሲመጣ «ቆይ!» እለዋለሁ። አንድ ነገር ባገኘን ቁጥር እንዘላለን። አንዴ የሴት ድምፅ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ ያለበት ቪዲዮ ከላቲኑ ክምር ውስጥ ወጣ። ቪዲዮው እየቆመ እየሄደ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲመጣ ሁለታችንም እጅ ለእጅ ተያያዝን። ኢርፎኑን እናትየው ጆሮ ላይ አደረግነው። አዳመጡ፣ ፈገግ አሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ልጃቸው ጆሮ ላይ ሹክ አሉ።

«የወንድሟ ሚስት ናት ትላለች። ‹ከኔ ነው የተማረችው፣ ግን ግጥም ትሰርቃለች›» አለችኝ። ሦስታችንም በሳቅ ሞትን። ሳቃቸው ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ነው የሚስቀው።

በአራተኛው ቀን ግን እኔ ደከመኝ። ስምንት ቀን ቀረ። «ምናልባት የለም» አልኩ። «ምናልባት ባልደረባሽ ተሳስታ ይሆናል።» አስተማሪዋ ደብተሯን ዘጋች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ለሰርግ ሳይሆን ለሐዘን የምትሄድ ነበር የሚመስለው። ያን ጊዜ እናትየዋ እጄን ሳብ አደረጉኝና ጎንበስ እንድልላቸው ጠየቁኝ። ጆሮዬን ከንፈራቸው ላይ አደረግኩ።

«የኔን ስም ለምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። «ዘፈኑ እኮ የኔ አይደለም። የሙሽሪት ነው።»

«እንዴት እናቴ? የዘፈኑትማ እርስዎ ነዎት።»

«የሰርግ ዘፈን በዘፋኝ ይጠራል እንዴ? ‹የእንትና ልጅ ሰርግ› ነው የሚባለው። እኔን ማን ብሎ ይጠራኛል? እኔ ለዘፈን የተጠራሁ ሰው ነኝ።»

ተነሥቼ ቆምኩ። አቤት የኔ ቂልነት! እኔ የሙዚቃ ሱቅ ልጅ ስለሆንኩ ሁልጊዜ የማስበው በዘፋኝ ነው፤ ዘፋኝ፣ አልበም፣ ቁጥር። እዚህ አገር ግን የሰርግ ዘፋኝ ስሟ ካሴት ላይ አይወጣም። ካሴት ቀራጩም፣ ባለ ቪዲዮውም፣ የሙሽራው አጎትም የሚጽፉት የሙሽሮቹን ስም ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ያልጻፈውን ስም በዐርባ ዓይነት ፊደል ስንፈልግ ነበር! በትክክል ብንጽፈውም አይገኝም፤ ቀድሞ ነገር የለማ።

«የማን ሰርግ ነበር የተቀረጸው?» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉ። ስንቱን ሰርግ ዘፍነዋል! ቴፕ ይዞ የሚቀርጽ ሰው ያልመጣበት ሰርግ አልነበረም። የቱ እንደተረፈ በምን ያውቁታል?

«ተነሡ» አልኩ። «ሚኒባሱን ነው የምናሳድደው።»

ሱቁን ለጫማ ጠጋኙ አደራ ብዬ ሦስታችን ወደ መናኸሪያው ገባን። ባልደረባዋ የተሳፈረችበት የደብረ ኤልያስ መስመር ሚኒባሶች ተራ ይዘው ቆመዋል። ሹፌሮቹ ሁሉ ደንበኞቼ ናቸው፤ የአንዱንም ፍላሽ ሳልሞላ የቀረሁ የለም። አንዷን ሚኒባስ ትቼ ወደ ሌላዋ እየተንደረደርኩ «የሰርግ ዘፈን አለህ? የሴት፣ የድሮ፣ ከበሮ ያለው?» እላለሁ። አንዱ «ዘፈኑን አንቺ እየሸጥሽ እኛን ትጠይቂያለሽ?» ብሎ ቀለደብኝ። ሌላው መንፈሳዊ መዝሙር ብቻ ነው ያለኝ አለ። አራተኛው ላይ ስንደርስ፣ ወፍራምና ሳቂታ ሹፌር፣ መኪናው ሞልቶ ሊወጣ ሞተር አስነሥቷል።

«የሴት ሰርግ? አለኝ እንጂ! መንገዱ ሲያስቸግር እሷን ነው የምከፍት፤ ሰውም አያንቀላፋ።» ቁልፉን እየተጫነ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለፈ።

ወጣ።

ከበሮው ቀደመ፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ወፍራም፣ ሙሉ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። ከላይ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ ሰውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ «እሰይ እሰይ!» ይላሉ። እናትየዋ የሚኒባሱን በር ይዘው ነበር። ያዙት፣ አጥብቀው ያዙት፤ ከንፈራቸው ከድምፁ ጋር እኩል መንቀሳቀስ ጀመረ፣ አንድ ቃል ሳይቀድም፣ አንድ ቃል ሳይዘገይ።

«እማ! አንቺ ነሽ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። እኔም ጮህኩ። በስማም! መናኸሪያው ዞሮ አየን። ተሳፋሪው «ምን ሆኑ?» ይላል። «እኚህ ናቸው! የምትሰሙት እኚህ ናቸው!» እላለሁ እኔ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። አንዲት ከኋላ የተቀመጡ ባልቴት «የኔንም ልጅ ሰርግ እሷ ናት የዘፈነች!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሥተው እልልታቸውን ለቀቁት። ሹፌሩ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

«ከየት አመጣኸው? ማን ሰጠህ?» አልኩት።

«ከየት አመጣኸው ትላለች እንዴ! ካንቺ ነዋ!»

«ከኔ? ውሸታም!»

«እዪው እንጂ» ብሎ ጣቱን ቴፑ ላይ አደረገ። በትንሿ መስታወት ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ እየሮጠ ያልፋል፤ SERG14 ይላል። ከዚያ ይጠፋና ደግሞ ይመጣል።

ያ የኔ እጅ ነው። ሌላ ማንም እንዲያ አይጽፍም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመኪና ቴፖቹ ፊደል አያውቁም፤ በአማርኛ ጽፌ ብጭንላቸው መስታወቱ ላይ የሚወጣው ባዶ ሳጥን ወይም ጥያቄ ምልክት ነው፣ ሹፌሩም «ምን ጫንሽብኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሁሉንም በላቲን፣ በአጭሩ እጽፍ ነበር። ታዋቂ ዘፋኝ ከሆነ ስሙን እጽፋለሁ። ከገጠር የሰርግ ካሴት ይዞ መጥቶ «ሲዲ ላይ ገልብጪልኝ» የሚል ቤተሰብ ሲመጣ ግን፣ እግረ መንገዴን ጥሩ ጥሩውን ቆርጬ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀርና «ሰርግ» ብዬ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ማን እንደዘፈነው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለሹፌሮቹም እንደ ምርቃት እጭንላቸው ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔን ነው። ዓለምን ስፈልግ የከረምኩትን ነገር፣ በገዛ እጄ ስም ነሥቼ የቀበርኩት እኔው ነበርኩ።

«ኮምፒውተርሽ ላይ አለ ማለት ነው!» አለች አስተማሪዋ፣ ዓይኗ በርቶ።

ፊቴን አዞርኩ። የለም። በየዓመቱ ቁጥሩን ከአንድ እንደገና እጀምራለሁ። ኮምፒውተሩ «ይህ ስም አለ፣ ይተካ?» ሲለኝ ሳላነብ «አዎ» እላለሁ። የዘንድሮው ሰርግ ዐሥራ አራት የሌላ ሰው ነው፤ ትናንት ራሴ ነኝ የጫንኩት። ይህንን ስነግራት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ካሴቱን ማን እንዳመጣው አላስታውስም፤ ስለዚህ የምናገኘው ቅጂ እዚያ ፍላሽ ላይ ያለው ብቻ ነው» አልኩ። «ፍላሹን ስጠኝ፤ ገልብጬ እመልሳለሁ።»

«ኧረ ተራዬ ነው! ተራ አስከባሪው እያፏጨ ነው፣ አትሰሚም?»

«ስጣት!» አሉ ከኋላ ያሉት ባልቴት። «ስጣት እንጂ፣ ከሰርግ ምን ይበልጣል!» ተሳፋሪው ሁሉ ተቀበላቸው። ሹፌሩ ሳቀና ፍላሹን ነቀለ። «እናትና ልጅ ግን መያዣ ይሁኑኝ። አምስት ደቂቃ!» አለ። ሁለቱም የጋቢናው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ሮጥኩ።

ጫማዬ አንዱ መናኸሪያው በር ላይ ወለቀ። ተውኩት። ሱቅ ገብቼ ፍላሹን ሰካሁ፣ ከፈትኩ፤ ባዶ! ከሁለት ሐሰተኛ የአቋራጭ ምልክቶች በቀር ምንም የለበትም። «ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ጮህኩ፣ ጫማ ጠጋኙ መርፌውን ጥሎ መጣ። ከዚያ ትዝ አለኝ። በዚያ ዓመት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዘል ቫይረስ ነበር፤ ፋይሉን አያጠፋውም፣ ይደብቀዋል፣ በምትኩ የውሸት ምልክት ያስቀምጣል። የመኪና ቴፕ አይደበቅበትም፣ ኮምፒውተር ግን ይታለላል። ምልክቱን ሳልነካ፣ የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የተደበቁትን አሳየኝ አልኩት። ዘፈኖቹ ደብዘዝ ብለው አንድ በአንድ ብቅ አሉ። SERG14 መሀል ላይ ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተሬ ላይ ገለበጥኩት፣ ሜሞሪ ካርድ ላይም ገለበጥኩት፣ አላመንኩም፣ ሲዲም ላይ ጫንኩት። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። በአንድ እግር ጫማ ነበርኩ።

በማግስቱ እናትና ልጅ ሱቅ መጡና እናትየዋ ሙሉውን በኢርፎን ሰሙት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አነሡና ሹክ አሉኝ፦ «እዚህ ጋ ትንፋሽ አጥሮኛል።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦ «እዚህ ጋ ግን ጥሩ ነኝ፣ ማን ይችለኛል!»

ያን ቀን አንድ ነገር ወሰንኩ። ማስታወሻዬን አወጣሁና «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከነአባታቸው ነገሩኝ። የዘፈኑን መጠሪያ፣ የዘፈነችውን ስም፣ አገሩን፣ የሰርጉን ዓይነት በፊደል ጻፍኩ፤ ከሥሩ በላቲን፣ በደብተራችን ላይ በሞከርናቸው አጻጻፎች ሁሉ ደግሜ ጻፍኩ፣ ማንም በየትኛውም መንገድ ቢመጣ እንዲያገኛቸው። ልጅቷ ያነሣቻቸውን ፎቶ ጨምረን ቪዲዮ አደረግነውና ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመርን። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ እንደገና ጀመርን። በሦስተኛው ተሳካ። በማግስቱ ፍለጋው ላይ ስማቸውን በፊደል ብጽፈው ከሁሉ በላይ እሳቸው መጡ፤ ፎቷቸው፣ ነጠላቸው፣ ድምፃቸው። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ጨፈርኩ፤ አልዋሽም፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ትንሽ ነው።

በሰርጉ ቀን ድምፅ ማጉያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀድኩም። ግቢያቸው በዳስ ተሸፍኗል፣ ሰዉ ከደጅ እስከ አጥር ሞልቷል፣ ሙሽራው መጥቶ ገብቶ፣ አሁን ልጅቷ የምትወጣበት ሰዓት ነው። አስተማሪዋ በነጭ ልብሷ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ለቅቃ በሁለት ሚዜዎች መሀል ተቀምጣለች። በኛ አገር ሙሽራ ዝም ነው የምትለው። አትስቅም፣ ቀና አትልም፣ መዝፈንማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ ነውር ነው።

ዘፈኑን ለቀቅኩት። ከበሮው ሲመጣ ሰዉ ጸጥ አለ፤ ድምፁ ሲመጣ ዳሱ ተናጋ። የሚያውቋቸው ሴቶች ሁሉ «እሷ ናት! እሷ ናት!» እያሉ ተነሡ፣ ተቀበሉ፣ እልልታው ቀለጠ። እናትየዋ ከሁሉ ፊት፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆመው ያጨበጭባሉ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል አልኩ።

ከዚያ ግን ድምፁ የሙሽሪትን ስም ጠራ። የዚያን ጊዜዋን ሙሽሪት፣ የሌላ ሰው ልጅ። እኔ ይህን ሳላስበው ቀርቼ አይደለም፤ ለመቁረጥ ሞክሬ ከበሮው ሊበላሽብኝ ሲል ትቼዋለሁ። ሴቶቹ ግን ግራ ገባቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ መቀበላቸውን አቆሙ። አስተማሪዋ ይበልጥ አቀረቀረች። ዘፈኑ እየቀጠለ የሌላይቱን አባት አመሰገነ፣ የሌላይቱን ቤት አሞገሰ። 

እናትየዋ ወደኔ ዞሩና እጃቸውን አነሡ። ዝጊው አሉኝ። ዘጋሁት።

ወደ ልጃቸው ተጠጉና ፊት ለፊት ቆሙ፣ እጃቸውን አጨበጨቡ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ያንኑ የዘፈኑን ምት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ ልለው አልችልም፤ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው የወጣው። አጠገባቸው ከቆምነው በቀር የሰማ የለም።

«ድምፄን ቢወስድብኝ አልከፋኝም እኔ፣
ልጄ ስትሞሸር አይቶልኛል ዓይኔ።»

የልጃቸውን ስም ጠሩ። ደገሙት። ሴቶቹ ቃሉ ስላልደረሳቸው መቀበል አልቻሉም፤ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። እናትየዋ ሦስተኛውን ጊዜ ሲጀምሩ አንገታቸው ላይ ያለው ጠባሳ ሲጎተት አየሁት፤ እንባዬ ያን ጊዜ መጣ።

አስተማሪዋ ቀና አለች። ሻሿን በገዛ እጇ ገለጠች። ሚዜዎቹ ክንዷን ሊይዙ ሲሞክሩ አስለቀቀቻቸውና ተነሥታ፣ በሙሽራ ልብሷ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የእናቷን ግጥም ጮክ ብላ ደግማ ለግቢው ሁሉ አሰማችው። ከዚያ «እሰይ እሰይ!» ብላ ራሷ ተቀበለች። ድምፅዋ ወፍራምና የማይቸኩል ነበር። እናትየዋ አንድ ስንኝ ሹክ ይላሉ፣ ልጅየዋ ታወጣዋለች፣ ግቢው ይቀበላል። መሪጌታው አባት ዳሱ ጥግ ላይ ቆመው ነበር፤ ነውር ነው ያለ ሰው ቢኖር እንኳ እሳቸው መጀመሪያ ሲያጨበጭቡ ሲያይ አፉን ዘጋ።